ለአቴ የምትልኪው መልእክት

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። እናትሽን ጉልበቷን ትንሽ ቢያማትም ከቤተ ክርስቲያን አልቀረችም።

ባለፈው እሑድ ለዚያች ፊሊፒናዊት ጓደኛሽ ለአቴ የጻፍሽውን በስልክ ስታነቢልኝ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ሳትጨርሺ ሻዬ ቀዘቀዘ። ስድስት ዓመት የጠፋሽበትን ምክንያት ዘረዘርሽ፣ አራት ጊዜ ይቅርታ ጠየቅሽ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ያልመለስሽላትን 300 ድርሃም አነሳሽ። እኔም አንድ ጊዜ እንዲሁ አድርጌያለሁና አልፈርድብሽም።

ኩባ፣ ሳንታ ክላራ ዩኒቨርሲቲ ስማር አንድ ክፍል የምንጋራ ልጅ ነበር፤ ቀጭን ስለሆነ ሁሉም ፍላኮ ነበር የሚለው። አገሬ ከገባሁ በኋላ ሁለት ደብዳቤ ተጻጻፍንና ቀረ። ከሠላሳ ዓመት በላይ አለፈ። በኋላ ወንድምሽ ፌስቡክ ላይ ፈልጎ አገኘልኝ። እኔም ቁጭ ብዬ ልክ እንደ አገራችን ደብዳቤ ጻፍኩ፦ እንደምን ሰነበትክ፣ ጤናህስ፣ እናትህስ፣ ልጆችህስ፣ ምነው ጠፋህ? በእኛ ዘንድ «ጠፋህ እኮ!» ናፈቅኸኝ ማለት ነው። ወደ ስፓኒሽ ስገለብጠው ግን ክስ ሆኖ ቁጭ አለ። አምስቱ ጥያቄም መርማሪ ፖሊስ አስመሰለኝ። ቀደድኩት።

ያስቸገረኝ ሌላም ነገር ነበር። በፌስቡክ ጓደኛው ካልሆንሽ መልእክትሽ ለብቻው ተቀምጦ ይቆያል፤ ሲያገኘውም ከመክፈቱ በፊት የሚያየው የመጀመሪያውን መስመር ነው። ዛሬ ከማይታወቅ ሰው «ውድ ወዳጄ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ» የሚል ሲመጣ ደግሞ ማንም ቀድሞ የሚጠረጥረው አጭበርባሪ መሆኑን ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው መስመር ላይ ከእኔ በቀር ማንም ሊጽፈው የማይችል ነገር መኖር ነበረበት።

ኩባ ውስጥ ሰው ሰልፍ ጋ ሲደርስ «ኤል ኡልቲሞ ማነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ የመጨረሻው ማነው ማለት ነው። አንዱ «እኔ» ይላል፣ አንተም ከሱ ቀጥለህ ተራህን ያዝክ ማለት ነው፤ ከዚያ ጥላ ፈልገህ ብትቀመጥም ተራህ አይነካም። ፍላኮ ኮፔሊያ አይስክሬም ቤት ስንሄድ ገና ከማዶ ሆኖ ነበር የሚጮኸው፤ እኔ ደግሞ አፍር ነበር። እናም የጻፍኩት ይህችን ብቻ ነው፦

«ፍላኮ፣ ኤል ኡልቲሞ ማነው? ክፍልህን የተጋራሁህ ኢትዮጵያዊ ነኝ። ዛሬ አይስክሬም ስበላ ከማዶ ስትጮህ ሰማሁህ። አዲስ አበባ ነኝ፣ ደህና ነኝ። አሁንም ትጮሃለህ?»

አንዲት የድሮ ፎቶ አያያዝኩ፣ አነስ አድርጌ፤ እዚያ ኢንተርኔት በጥቅል እየተገዛ ነው፣ መብራትም ይጠፋል። ቪዲዮ ብልክለት ዕዳ እንጂ ሰላምታ አይሆንም ነበር። ጥያቄዋን አንዲት ያደረግኳትም በአንድ ቃል እንድትመለስ ነው። አሥራ አንድ ቀን ዝም አለ። እኔም ሁለተኛ አልጻፍኩም፣ እናትሽ ምስክሬ ናት፣ ስልኩን በየሰዓቱ ባገላብጥም። በአሥራ ሁለተኛው ቀን መጣ፦ «ኤል ኡልቲሞ እኔ ነኝ። ና፣ ተራህን ይዤልሃለሁ።»

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ። ዱባይ፣ ዴራ ሰፈር አንድ ክፍል ለአራት ስትኖሩ አቴ ነበር የምትያት፣ በእነሱ ታላቅ እህት ማለት ነው ብለሽኛል። ማታ ስትገቢ ከሩዝ ማብሰያው አጠገብ ሆና የምትጠይቅሽ «ኩማይን ካ ና?» በልተሻል? የሚለውን ነበር። እንግዲህ ከሱ ጀምሪ። «አቴ፣ ኩማይን ካ ና?» ካልሽ በኋላ ስምሽን፣ የዴራውን ክፍል፣ አሁን ያለሽበትን በአንድ አንድ መስመር። ለምን እንደጠፋሽ አትተርኪ፤ ቢያስፈልግ «ብዙ ቆየሁ» ይበቃል፤ ያለዚያ አጽናኚኝ ብሎ ሥራ መስጠት ይሆናል።

300 ድርሃሙን ግን ለመጀመሪያው መልእክት አታድርጊው። አልረሳሽውም፣ ደስ ብሎኛል፤ ነገር ግን ስጪኝም በይ ልስጥሽ፣ ገንዘብ ከተነሳ ያጭበርባሪ ሽታ ይሸታል። መልሳልሽ፣ ድምፅሽንም ሰምታ ከሳቃችሁ በኋላ ንገሪያት፤ ያኔ ወለዱን በስጦታ መልክ ጨምሪበት።

ሰዓቱንም እይ። አንቺ ጋ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን ማኒላ እኩለ ሌሊት ነው። የምሳ እረፍትሽ ላይ ላኪው፣ እሷ ጋ ወደ ማታ ይሆናል፣ ምናልባትም ሩዝ እየጣደች።

እናትሽ ሳመቻት በይ ብላለች፤ እሱንም ለሁለተኛው መልእክት አቆዪው።

አባትሽ