ስልክ ላይ የማይነበብ ርዕስ ዜናውን ይለውጠዋል

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

በቪዲዮ የምታቀርቧቸውን የከተማ ዜናዎች በየዕለቱ እከታተላለሁ። ቦታው ድረስ ሄዳችሁ፣ ባለጉዳዩን አነጋግራችሁ ስለምትሠሩ ዘገባችሁን አምነዋለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ግን በምስሉ ግርጌ ስለምታወጡት ጽሑፍ ነው፤ ማለትም ስለ ዜናው ርዕስ፣ ስለ ተናጋሪው ስምና ኃላፊነት። ፒያሳ በሚገኝ አንድ የቪዲዮ ማቀናበሪያ ቤት በግራፊክስ ሙያ ስለምሠራ ነገሩን በቸልታ ማለፍ አልቻልኩም።

በቅርቡ ከሜክሲኮ ወደ ፒያሳ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ እናት አንድ ዜናችሁን ድምፁን አጥፍተው በስልካቸው ይመለከቱ ነበር። ርዕሱ «ማኅበሩ ቤቶቹን ለነዋሪዎች ሸጠ» ይላል። እርሳቸው ያነበቡት «ሰጠ» ብለው ነው። ወደ እኔ ዞረው «ልጄ፣ የሚሰጡት ለማን ነው? ምዝገባውስ የት ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። ስልኩን ተቀብዬ አተኩሬ ስመለከት እርሳቸው አልተሳሳቱም። በ«ሸ» አናት ላይ ያለችው አግድም መስመር ከጀርባዋ ካለው ቀይ ቀለም ጋር ተዋህዳ ጠፍታለች፤ የቀረው «ሰ» ነው።

ይህ እንዴት እንደሚሆን በቁጥር ላስረዳ። የዚያ ርዕስ ፊደል፣ ቪዲዮውን ኋላ በኮምፒውተር ከፍቼ ስለካው፣ 1920 በ1080 በሆነው ምስል ላይ 30 ፒክስል ያህል ቁመት አለው። ቅንብሩ በሚሠራበት ትልቅ ስክሪን ላይ ይህ በቂ ይመስላል። ስልክ ቀጥ ተደርጎ ሲያዝ ግን አግድሙ ቪዲዮ 7 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ውስጥ ይገባል፤ የምስሉ ቁመት ወደ 4 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል፤ ፊደሉም ከአንድ ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም። በዚያ ላይ ብዙ ሰው የዳታ ጥቅሉ ቶሎ እንዳያልቅበት የምስሉን ጥራት ወደ 360 ዝቅ አድርጎ ነው የሚያየው። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር በሦስት ይካፈላል፦ 30 ፒክስል የነበረው ፊደል 10 ይሆናል፤ 3 ፒክስል ውፍረት የነበራት የ«ሸ» መስመር አንድ ፒክስል ትሆናለች። ስልኩ ምስሉን መልሶ ሲለጥጠው ያቺ አንድ ፒክስል ከጎረቤቶቿ ጋር ተቀላቅላ ትደበዝዛለች።

የእኛን ፊደል በተለይ የሚጎዳው ልዩነቱ በትንንሽ ምልክቶች ላይ መመሥረቱ ነው። «ነ»ን ከ«ኘ»፣ «ደ»ን ከ«ጀ» የምትለየው የአናት ጭረት ናት። «ሊ»ን ከ«ሌ» የምትለየው እግር ላይ ያለች ቀለበት ናት፤ መሐሏ ሲሞላ «ሌ» «ሊ» ይሆናል። ስለዚህ መለኪያው የፊደሉ ጠቅላላ መጠን ብቻ ሊሆን አይገባም፤ ያቺ ጭረትና ያቺ ቀለበት በ360 ጥራት ቢያንስ ሁለት ፒክስል ሆነው መትረፍ አለባቸው። ይህም በዋናው ምስል ላይ ቢያንስ 6 ፒክስል ውፍረት ማለት ነው። እኔ ለስምና ለርዕስ ከ60 ፒክስል ቁመት፣ ለኃላፊነት መጠሪያ ደግሞ ከ48 አልወርድም። ቅርጹም ይመረጣል። ኒያላን የመሰለ ወፍራምና ቀጭን መስመር የሚያፈራርቅ ፊደል ወረቀት ላይ ያምራል፤ ስልክ ላይ ግን ቀጭኑ ይጠፋል። መስመሩ ወጥ የሆነ፣ ለምሳሌ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ፣ በመካከለኛ ውፍረት ይሻላል። እጅግ ከወፈረ ደግሞ የ«ጨ» እግሮች መሐል ያለው ክፍተት ይደፈናል።

«ፊደሉን ካተለቅነው የኃላፊው ማዕረግ የት ይገባል?» እንደምትሉ አውቃለሁ፤ እኛም ቤት በየጊዜው የሚነሳ ክርክር ነው። በአንዱ ዜናችሁ ላይ «የክፍለ ከተማው የመሬት ልማትና አስተዳደር ጽሕፈት ቤት የይዞታ ክትትል ቡድን መሪ» የሚል አይቻለሁ። 41 ፊደል ነው። የፊደላችን ስፋት ከቁመቱ ብዙ ስለማይለይ፣ በ48 ፒክስል ሲጻፍ ክፍተቶቹ ሳይቆጠሩ እንኳ 1968 ፒክስል ይሆናል፤ ምስሉ ራሱ 1920 ነው። አቀናባሪው ያደረገው ፊደሉን ማሳነስ ነበር። እኔ ብሆን «የመሬት ጽሕፈት ቤት ቡድን መሪ» እለዋለሁ፤ 15 ፊደል፣ 800 ፒክስል ገደማ። ክፍለ ከተማው በርዕሱ ላይ ተጽፏል፤ ሙሉው መጠሪያ ካስፈለገ ዜና አንባቢው በድምፅ ይናገረው። ማዕረጉ ተቆረጠብኝ ብሎ የሚቀየም ኃላፊ ይኖር ይሆናል፤ ስሙ ጨርሶ ካለመነበቡ ግን ይህ ይሻለዋል።

ስለ ቀለም አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ይህ ነውና። በድረ ገጽ የሚጫን ቪዲዮ ሲታመቅ ብሩህነቱ በሙሉ ፒክስል ሲቀመጥ፣ የቀለሙ መረጃ ግን በወርድም በቁመትም በግማሽ ነው የሚቀመጠው። ሁለት ቀለሞች በብሩህነት ከተቀራረቡና የሚለያቸው ቀለማቸው ብቻ ከሆነ፣ ለምሳሌ ብርቱካናማ ጽሑፍ በቀይ ላይ፣ የፊደሉ ጠርዝ ይዝረከረካል። የእናንተ ርዕስ የወጣው በትክክል በዚህ ዓይነት ጥምረት ነው። ነጭ ጽሑፍ በጥቁር ሰማያዊ ወይም በጥቁር ቀይ ላይ ቢሆን መስመሯ ትተርፍ ነበር። ከጽሑፉ ጀርባ ያለው ሰሌዳም ድፍን ይሁን። የአራት ኪሎን መኪናና እግረኛ የሚያሳልፍ ከፊል ግልጽ ሰሌዳ ሲሆን፣ ማመቂያው ያለችውን ጥቂት መረጃ ለሚንቀሳቀሰው ነገር ያውልና ፊደሉን ያፈራርሰዋል።

በቁም ለሚታዩት አጫጭር ቪዲዮዎች ደግሞ ግራፊክሱ እንደ አዲስ ይሠራ። አግድሙን ምስል በ9 ለ16 ስትቆርጡት ከ1920 ፒክስል የሚተርፈው የመሐሉ 608 ገደማ ብቻ ነው፤ በግራ ጥግ የተቀመጠው ስም ተቆርጦ ይወድቃል። ባለፉት ዜናዎቻችሁ ላይ የአባቱ ስም ብቻ የቀረ ተናጋሪ ያየሁት በዚህ ምክንያት ነው። በቁም ምስል ላይ ያለው ጥቅም፣ ያው የስልክ ስፋት 1080 ፒክስል ብቻ ስለሚይዝ ባለ 60 ፒክስል ፊደል ወደ 4 ሚሊ ሜትር መድረሱ ነው። ረጅሙን ስም በሁለት መስመር ለመክፈል በቂ ቦታ አለ። የታችኛውን አንድ አምስተኛና የቀኙን ጠርዝ ግን ባዶ ተዉት፤ መተግበሪያዎቹ የገጹን ስምና ቁልፎቻቸውን የሚደረድሩት እዚያ ነው።

ከማሠራጨታችሁ በፊት ቪዲዮውን ወደ አንድ ተራ ስልክ ላኩት፤ ጥራቱን 360 ላይ አድርጉት። ከዚያም ቅንብሩ ላይ ያልነበረ፣ የተናጋሪውን ስም ቀድሞ የማያውቅ ባልደረባ ስልኩን ቀጥ አድርጎ ይዞ ጮክ ብሎ ያንብበው። ያቀናበረው ሰው ይህን ፈተና ሊፈትን አይችልም፤ የሚያውቀውን ስም ባይታየውም ያነበዋልና። አንባቢው ሁለት ጊዜ አንብቦ ሳይጨርስ ጽሑፉ ከጠፋ፣ የሚቆይበትን ጊዜ አስረዝሙ።

የቤቶቹ ዜና ይህን እስከምጽፍበት ሰዓት ድረስ ገጻችሁ ላይ አለ። ሌላውን ሳትነኩ ርዕሱን ብቻ በነጭ፣ በ60 ፒክስል ቀይራችሁ መልሳችሁ እንድትጭኑት እጠይቃለሁ። ሥራው ከአንድ ሰዓት በታች የሚወስድ ነው፤ እስከዚያው ግን «ሰጠ» ብሎ አንብቦ ምዝገባ ፍለጋ የሚወጣ ሰው ይኖራል።

ከአክብሮት ጋር፣
የቪዲዮ ግራፊክስ ባለሙያ፣ ከፒያሳ