ስም ስታወጡ፣ ንግግሩን ቀድማችሁ አስቡት

ይድረስ ለውድ ወዳጄ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ልጆቹስ፣ እናትህስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከተጻጻፍን በጣም ቆየን። ባለፈው ሳምንት ከሸዋ ሮቢት የመጣው የአጎትህ ልጅ ሰላምታህን አደረሰኝ። የትምህርት ቤታችሁ አካባቢ ጥበቃ ክበብ ስም ሊያወጣ ስለሆነ አሸናፊውን ስም በሰልፍ ላይ የምታነበው አንተ ነህ አሉ። ይህን ስሰማ ብዕር አነሳሁ። እኛም እዚህ መንዝ ላይ ይህንኑ ገና መጨረሳችን ነው፤ የሆነውን ልንገርህ።

የክበባችን ልጆች 43 ናቸው። ስም ጠቁሙ ስንላቸው ብዙ መጣ። ተወያይተው ወደ አራት አወረዱት፦ ጭላዳ፣ ቀይ ቀበሮ፣ ጓሳ እና ጅብራ። አራቱም ከዚሁ ከደጋችን የወጡ ናቸው። ችግሩ አራት መሆናቸው ነው። እጅ አውጡ ብለህ ብትቆጥር ድምፁ ይበታተንና ከሩብ ትንሽ የሚበልጥ ልጅ የመረጠው ስም ያሸንፋል። የቀሩት ደግሞ ዓመቱን ሙሉ የማይወዱትን ስም ተሸክመው ይውላሉ።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ልጅ አራቱ ስሞች የተጻፉበት አንድ ወረቀት ሰጠን። በጣም ከሚወደው ስም አጠገብ 1፣ ከሚቀጥለው 2፣ እንዲህ እያለ እስከ 4 ይጽፋል። የራሱን ስም ግን አይጽፍም። ሁለት ወረቀቶች ሁሉም ስም አጠገብ 1 ተጽፎባቸው ተበላሹ፤ 41 ቀሩ። ጠረጴዛ ላይ አራት ክምር አደረግን፣ እያንዳንዱ ወረቀት 1 ወዳለበት ስም ሄደ። ጭላዳ 12፣ ቀይ ቀበሮ 11፣ ጓሳ 10፣ ጅብራ 8 ሆነ።

ከግማሽ ያለፈ ስለሌለ ትንሹን ክምር፣ የጅብራን፣ አነሳን። ስምንቱን ወረቀቶች እያየን 2 ወደተጻፈበት ስም አዛወርናቸው። ስድስቱ ወደ ጓሳ፣ ሁለቱ ወደ ቀይ ቀበሮ ሄዱ። አሁን ጓሳ 16፣ ቀይ ቀበሮ 13፣ ጭላዳ 12። ቀጥሎ ጭላዳ ወጣ። ከእሱ 12 ወረቀቶች ስምንቱ ለጓሳ፣ አራቱ ለቀይ ቀበሮ ደረሱ። ጓሳ በ24 ለ17 አሸነፈ።

አየህ፣ መጀመሪያ ቀዳሚ የነበረው ጭላዳ ነበር። ያሸነፈው ግን ሦስተኛ የነበረው ጓሳ ሆነ። እኔ ውጤቱን ትክክለኛ ነው የምለው። ጭላዳን የሚወዱ ልጆች በጣም ይወዱታል፤ የገበሬ ልጆች ግን ገብስ ሲደርስ ማሳ የሚጠብቁት ከእሱ ነውና ብዙዎቹ 4 ሰጡት። ጓሳን የጠላ አልነበረም። ቤታቸው የተከደነው በጓሳ ሣር ነው፣ ገመዱም ከእሱ ይገመዳል። ግን ይህን ለአንድ ሙሉ ትምህርት ቤት በጠዋት ብርድ፣ በሦስት ደቂቃ እንዴት ታስረዳለህ? ንግግሩ ከባድ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

ንግግሩን የጻፈችው የክበቡ ጸሐፊ፣ የ10ኛ ክፍል ልጅ ናት። የመጀመሪያ ረቂቋ «ያሸነፈው ስም ጓሳ ነው!» ብሎ ይጀምር ነበር። ክፍል ውስጥ ስትለማመደው ስሙን እንደጠራች ልጆቹ አጨበጨቡ፣ አጉረመረሙም፤ ከዚያ በኋላ ያለችውን ማንም አልሰማም። ለምን እንደተመረጠ፣ እንዴት እንደተቆጠረ፣ ማን እንደጠቆመው ሁሉም ጫጫታ ውስጥ ቀረ። ስለዚህ ስሙን ወደ መጨረሻ አወረደችው። ከስሙ በፊት መነገር ያለበት ሁሉ ከፊት ሆነ፤ ከስሙ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ቀረ፣ ምን እንደሚደረግ።

ሌላው የደከምንበት ቁጥሩ ነው። አንዳንዶቹ ልጆች የየዙሩ ውጤት ሁሉ ይነበብ አሉ። እኔ አልተስማማሁም። ማይክ በነፋስ በሚጮህበት ሰልፍ ላይ «ጭላዳ 12 ጓሳ 10» ሲባል የሚሰማው ልጅ «ታዲያ ጓሳ እንዴት አሸነፈ?» ብሎ ማጭበርበር ነው ይላል። የመጨረሻውን ብቻ አንብባ፣ ሙሉው ቆጠራ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ ተስማማን። የፈለገ ይቆጥረዋል። የተለጠፈውንም ብዙ ልጅ ቆሞ አነበበው።

ስሙ እንዳይወጣ ወረቀቶቹን ፖስታ ውስጥ አሽገን ለርዕሰ መምህሩ ሰጠን። እሳቸውም ከንግግሩ በፊት ስሙን አጽድቀዋል። ይህን አትርሳ፤ ስም ተነግሮ በኋላ «አይሆንም» ከተባለ ልጆቹን ይሰብራል።

ሰኞ ጠዋት፣ ሰንደቅ ዓላማ ከወጣ በኋላ እንዲህ አለች፦

«ውድ ተማሪዎችና መምህራን፣ እንደምን አደራችሁ። የአካባቢ ጥበቃ ክበባችን እስከ ዛሬ የራሱ ስም አልነበረውም። አባላቱ አራት ስም አቀረቡ፤ ጭላዳ፣ ጅብራ፣ ቀይ ቀበሮ እና ጓሳ። አራቱንም የሚጠብቅ ክበብ ነን፤ ያልተመረጡት ስሞች ሥራችን ውስጥ አሉ። እያንዳንዱ አባል ስሞቹን በቅደም ተከተል መርጧል። ትንሽ ድምፅ ያገኘው እየወጣ፣ የመረጡት ልጆች ድምፅ ወደ ቀጣዩ ምርጫቸው እየሄደ፣ ከግማሽ በላይ የደገፈው እስኪገኝ ቆጠርን። በመጨረሻው ዙር ውጤቱ 24 ለ17 ነው። የተመረጠው ስም አባቶቻችን በየተራ እየዘጉና እየከፈቱ የጠበቁት ሣር ነው። የክበባችን ስም፣ ጓሳ። የጓሳ ክበብ። ዛሬ ከሰዓት ከችግኝ ጣቢያው በር ላይ ሰሌዳውን እንሰቅላለን፤ የሚመጣ ሁሉ ይምጣ።»

ስሙን ሁለት ጊዜ ያለችው ሆን ብላ ነው። የመጀመሪያው በጭብጨባ ይዋጣል፤ እስኪበርድ ጠብቃ ሁለተኛውን አለች። ስሙን የጠቆመውን ልጅ ግን አልጠራችም። ቀድማ ጠይቃው ነበር፣ አይሆንም አለ። ፈቃድ ሳይጠየቅ ልጅን ሰልፍ ፊት ማቆም ክፉ ነገር ነው፤ በዚህ ረገድ እሷ ከብዙ አዋቂ ትሻላለች።

«እየዘጉና እየከፈቱ» የምትለዋ የኔ ፍላጎት ናት። ጓሳው መሬት ለሣር አጨዳ እስኪደርስ ለ3፣ ለ5 ዓመት ይዘጋ እንደነበር ታውቃለህ። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ የድሮው አጠባበቅ ፈረሰ፤ ሕዝቡ በሌላ መልክ መልሶ አቆመው። ይህን ሁሉ ልትጨምረው ፈልጋ ነበር። አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ይዘን፣ የቀረው በክፍል ይወራል አልን። የሰልፍ ንግግር ብዙ አይሸከምም።

ለእናንተ ሦስት ነገር ብቻ። ከሁለት በላይ ስም ካላችሁ ደንቡን ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ለአባላቱ አንብቡላቸው፤ ከቆጠራ በኋላ የሚነገር ደንብ ማንም አያምነውም። እኩል ሆነው መጨረሻ የተቀመጡ ሁለት ስሞች ካሉም የትኛው እንደሚወጣ ቀድማችሁ ወስኑ። እኛ በመጀመሪያው ዙር ትንሽ ያገኘው ይውጣ ብለን ነበር፤ አላስፈለገም እንጂ ቢያስፈልግ ያጣላን ነበር። ደግሞ ወረቀቱ ላይ ከአንድ ስም አጠገብ ብቻ ቁጥር የጻፈ ልጅ፣ ያ ስም ሲወጣ ድምፁ አብሮ ይጠፋል። አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

ስሞቹን ላክልኝ፣ ማየት እፈልጋለሁ። የንግግሩን ረቂቅም ቢሆን በዚሁ ሰው ላከው፤ አንብቤ የሚመስለኝን እጽፍልሃለሁ። ለገና ወደ ላይ ከወጣህ እኔ ጋ እደር፤ ብርዱን አስበህ ጋቢ ያዝ።

ወንድምህ፣
ከመንዝ