የክብደት ማንሳት ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ 60 ኪሎ ላይ የቆመው ቤንች ፕሬስ

ክበባችን በዚህ የትምህርት ዘመን ሌሎች እንቅስቃሴዎችንም ሠርቷል፤ ይሁንና ዓመቱን ሙሉ አባላቱን ያነጋገረው ቤንች ፕሬስ፣ ማለትም ወንበር ላይ በጀርባ ተኝቶ ክብደት የተጫነበትን ባር ከደረት ወደ ላይ መግፋት፣ ስለነበረ ዘገባዬን በእሱ ላይ ማድረጉን መርጫለሁ። ከጥቅምት ወር ጀምሮ ከነባር አባላት መካከል በርከት ያሉት ባሉበት መርገጥ ጀምረው ነበር። ከእነዚህ ውስጥ የአንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪን ጉዳይ በዝርዝር አቀርባለሁ፤ ምክንያቱም መዝገቡን ሳያቋርጥ የያዘ በመሆኑ ምን እንደተለወጠና መቼ እንደተለወጠ በግልጽ ማየት ይቻላል።

ተማሪው በየሳምንቱ ማክሰኞ 60 ኪሎ ጭኖ አምስት ዙር፣ በየዙሩ አምስት ድግግሞሽ ለመሥራት ያቅድ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዙሮች ይጨርሳል፤ ሦስተኛው ላይ አራት፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ ሦስት ጊዜ ብቻ አንሥቶ ረዳቱ ባሩን ይቀበለዋል። የጥቅምቱ ገጽ ከታኅሣሡ ገጽ ጋር ሲተያይ ከቀኑ በቀር ልዩነት አልነበረውም።

ማንኛውንም ነገር ከመለወጣችን በፊት መቆሙ እውነተኛ መሆኑን ማጣራት ነበረብን፤ የተጠራቀመ ድካምም ብርቱ ሰውን አቅም ያጣ ያስመስለዋልና። ስለዚህ በታኅሣሥ መጨረሻ ለአንድ ሳምንት ክብደቱን ወደ 45 ኪሎ፣ ዙሩንም ወደ ሁለት አወረድን። ከዚያ ሳምንት በኋላ አንዳንድ አባላት ምንም ሳይጨምሩ የተሳናቸውን ክብደት አነሡ፤ የእነሱ ችግር ዕረፍት ማጣት ነበር ማለት ነው። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ደግሞ 30 ኪሎ ላይ የቆየችው የእኛ ትንሹ ክብደት በየጎኑ 2.5 ኪሎ በመሆኑ ነበር። ከ30 ወደ 35 መዝለል ማለት የምታነሣውን አንድ ስድስተኛ በአንድ ቀን መጨመር ነው፤ ይህንን የሚችል ጥቂት ነው። ብየዳ ቤት ግማሽ ግማሽና ሩብ ሩብ ኪሎ የሚመዝኑ ክብ ብረቶች አስቆርጠን፣ ሚዛን ላይ አረጋግጠን ስንሰጣት ፕሮግራሟን መለወጥ ሳያስፈልግ በየሳምንቱ አንድ አንድ ኪሎ እየጨመረች ሄደች። የ11ኛ ክፍሉ ተማሪ ግን ከዕረፍቱም በኋላ በሦስተኛው ዙር አራት ላይ ቆመ።

በእሱ ላይ በመጀመሪያ የለወጥነው የድግግሞሹን ብዛት ነው። ለወራት አንድ ዓይነት ክብደት በአንድ ዓይነት ድግግሞሽ ሲሠራ ሰውነቱ ያንን ሥራ ለምዶታል፤ ለማደግ የሚያስገድደው አዲስ ጫና አልነበረውም። ከጥር እስከ የካቲት አጋማሽ ክብደቱን ወደ 50 ኪሎ አውርደን አራት ዙር ስምንት ስምንት ጊዜ እንዲሠራ አደረግን። ደንቡ ቀላል ነበር፦ አራቱንም ዙር አሥር አሥር ጊዜ እስኪጨርስ ድረስ ክብደት አይጨምርም፤ ከጨረሰ 2.5 ኪሎ ይጨምራል፤ ድግግሞሹም ወደ ስምንት ይመለሳል። ክብደት መቀነስ ለብዙ ተማሪዎች እንደ ሽንፈት ስለሚታያቸው ለማሳመን ጊዜ ወስዶብኛል። ነገር ግን በዚህ ወቅት የሚፈለገው የጡንቻውን መጠን ማሳደግ ነው፤ ለዚህም ከክብደቱ ይልቅ በደንብ የተሠራው ድግግሞሽ ድምር ይበልጥ ይጠቅማል።

ሁለተኛው ለውጥ የቀኑ ብዛት ነው። ቤንች ፕሬስ ጉልበት ብቻ ሳይሆን በልምምድ የሚጠራ ችሎታም ነው፤ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚሠራ ሰው እስኪመለስበት ድረስ የባሩን መንገድ በከፊል ይረሳዋል። ስለዚህ ዓርብን ጨመርን። ዓርብ ግን የማክሰኞ ግልባጭ አልነበረም፤ 50 ኪሎውን ደረቱ ላይ ለሁለት ሰከንድ አሳርፎ የሚነሣበት፣ ሦስት ዙር አምስት አምስት ጊዜ የሚሠራበት ቀን ነበር። በዚህም በሳምንት 25 የነበረው የታቀደ ድግግሞሽ ወደ 47 ከፍ አለ። ሁለት ቀን ይህን ያህል ከጠቀመ ሦስት ቀን ይሻላል ያሉ አባላት ሞክረውት ነበር። በሁለተኛው ሳምንት የትከሻቸው ፊት መታመም፣ ለማሟሟቂያ የሚያነሡት ቀላል ባርም በእጃቸው መዘግየት ጀመረ። ማሟሟቂያው ሲከብድ ሰውነቱ እንዳላገገመ ያሳያል፤ ስለዚህ ወደ ሁለት ቀን መለስናቸው።

አጋዥ እንቅስቃሴዎችን የመረጥነው ባሩ የት ላይ እንደሚቆም አይተን ነው። ስልክ ከጎን አስቀምጠን የመጨረሻውን ድግግሞሽ ቀረጽን። የተማሪው ባር ከደረቱ በደህና ይነሣል፤ አንድ ስንዝር ያህል ከወጣ በኋላ ግን ይቆማል፤ በዚያው ቅጽበት ክርኖቹ ወደ ውጭ ይከፈታሉ፣ ወደ ኋላ ተሰብስበው የነበሩት የትከሻ አጥንቶቹም ከወንበሩ ይለቃሉ። ከዚህ ሁለት ነገር አነበብን። የላይኛው ጀርባው ትከሻውን አጥብቆ መያዝ አልቻለም፤ የክንዱ የኋላ ጡንቻ የሆነው ትሪሴፕሱም ክርኑን ለመዘርጋት አልደረሰለትም። ለጀርባው ጎንበስ ብሎ ባር ወደ ሆድ መሳብ፣ ለትሪሴፕሱ ደግሞ እጆቹን በትከሻ ስፋት ልክ አጥብቦ በ45 ኪሎ ቤንች መሥራት ሰጠነው፤ ሁለቱንም ሦስት ዙር ስምንት ስምንት ጊዜ። ባሩ ገና ደረቱ ላይ የሚቀርበት ሌላ ተማሪ ቢሆን ኖሮ የእጅ ማጥበቡን ትተን ደረት ላይ የማሳረፉን ልምምድ እናበዛለት ነበር። የሌላውን ሰው አጋዥ እንቅስቃሴ እንዳለ መቅዳት የማይጠቅመው በዚህ ምክንያት ነው።

ከየካቲት አጋማሽ በኋላ ማክሰኞን ወደ አምስት አምስት ድግግሞሽ መልሰን ከ57.5 ኪሎ ጀመርን፤ በየሳምንቱም በትንንሾቹ ብረቶች አንድ ኪሎ ጨመርን። ዘንድሮ ዐቢይ ጾምና ረመዳን ሁለቱም በየካቲት ስለገቡ አብዛኞቹ አባላት ጿሚዎች ነበሩ። በዚህ ጊዜ ክብደቱን ሳንቀንስ ዙሩን ከአምስት ወደ ሦስት ቀነስን፤ የተገኘ ጉልበት የሚጠበቀው ክብደቱ ሲጠበቅ ነው፤ ሊቀነስ የሚችለው የሥራው ብዛት ነው። በአራተኛው ሳምንት ባሩ ላይ 60.5 ኪሎ ተጫነ። አምስተኛው ድግግሞሽ በዚያችው የስንዝር ቦታ ላይ ሲደርስ ዘገየ፤ ክርኖቹ ግን አልተከፈቱም፣ ወደ ላይም ሄደ። ተማሪው ተነሥቶ የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ቲቸር፣ ጀርባዬ ወንበሩን አልለቀቀም።»

ከፋሲካ በኋላ ለአራት ሳምንታት ማክሰኞ አራት ዙር ሦስት ሦስት ጊዜ ከ65 እስከ 67.5 ኪሎ፣ ዓርብ ደግሞ ቀለል ባለ 57.5 ኪሎ ስድስት ስድስት ጊዜ ሠራ። አጋዥ እንቅስቃሴዎቹን በግማሽ ቀነስናቸው፤ ከባዱ ክብደት ሰውነቱን ትኩስ አድርጎ ይፈልገዋል። በክበባችን ደንብ ማንም ተማሪ አንድ ጊዜ ብቻ የሚነሣውን ከፍተኛ ክብደት አይሞክርም፤ የሚገመተው በስሌት ነው። የድግግሞሹ ቁጥር ለ30 ይካፈላል፣ አንድ ይጨመርበታል፣ በክብደቱ ይባዛል። በታኅሣሥ 60 ኪሎን አምስት ጊዜ ማንሣቱ 70 ኪሎ ይሰጥ ነበር። በግንቦት መጨረሻ፣ ከአንድ ቀላል ሳምንት በኋላ፣ ረዳት ከራስጌው ቆሞ 67.5 ኪሎን አምስት ጊዜ አነሣ፤ ይህም ወደ 79 ኪሎ ይጠጋል። ስሌቱ ከአሥር በላይ ለሆነ ድግግሞሽ ስለማያስተማምን ለአምስቱ ብቻ ተጠቅመንበታል።

በግንቦቱ ቀረጻ ላይ ባሩ የሚዘገየው በስንዝሩ ቦታ ሳይሆን ክርኑ ሊዘረጋ ጥቂት ሲቀረው ነው። ስለዚህ ተማሪው በመስከረም ሲመለስ እንደገና በስምንት ድግግሞሽ ይጀምራል፤ ጀርባውን እንደያዘ ለትሪሴፕሱ በሳምንት አንድ ተጨማሪ እንቅስቃሴ ይኖረዋል፤ የመነሻ ክብደቱም 55 ኪሎ ይሆናል።