ፓወር ባንኩ አልዋሸም፣ ሰንጠረዡ ግን አሳሳተኝ

ለምርት ደረጃዎች ቢሮ ኃላፊ፣

ቢሮዎ ለሸማቾች ያዘጋጀውን የኤሌክትሮኒክስ ማወዳደሪያ ሰንጠረዥ አምኜ ፓወር ባንክ ገዛሁ። «የባትሪ አቅም» በሚለው ዓምድ ሥር ፓወር ባንኩ 20,000 ሚሊአምፒር-ሰዓት ተብሏል። የላፕቶፔ ባትሪ ደግሞ 5,000 ነው። አራት እጥፍ አይደል? ብክነቱን ብቀንስ እንኳ ሦስት ጊዜ ይሞላልኛል አልኩ። አንዴ ሞላና አለቀ።

ሻጩን ልጣላው ነበር። ቤት ገብቼ የባትሪዎቹን ጽሑፍ ሳነብ ግን ሁለቱም ቁጥሮች ትክክል ናቸው። የጠፋው ቮልቴጁ ነው።

ፓወር ባንኩ ውስጥ ያሉት ሴሎች 3.7 ቮልት ናቸው። 20,000ን በ3.7 አባዝተን ለ1,000 ስናካፍል ባትሪው የሚይዘው ጠቅላላ ኃይል 74 ዋት-ሰዓት ይመጣል። የላፕቶፔ ባትሪ ሦስት ሴል በተከታታይ የተያያዘበት ስለሆነ 11.1 ቮልት ነው። በዚሁ ስሌት 55.5 ዋት-ሰዓት ይሆናል። አራት እጥፍ የመሰለኝ ነገር በአንድ ሦስተኛ ብቻ ይበልጣል ማለት ነው። ቮልቴጁ ከ3.7 ወደ ላይ ሲቀየር ደግሞ የተወሰነው ኃይል ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ትርፉን የበላው እሱ ነው።

ስለዚህ ዓምዱ እንዲህ ቢሆን፦

| ዕቃ | ሚሊአምፒር-ሰዓት | ቮልት | ዋት-ሰዓት |
|---|---|---|---|
| ፓወር ባንክ | 20,000 | 3.7 | 74 |
| ላፕቶፕ | 5,000 | 11.1 | 55.5 |

ሚሊአምፒር-ሰዓት ይውጣ አላልኩም፤ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው እሱ ስለሆነ ሰው ይፈልገዋል። ለማወዳደር ግን የመጨረሻው ዓምድ ይበቃል። አውሮፕላን ላይ ይዘን የምንገባው ባትሪም የሚለካው በዋት-ሰዓት ነው፤ ከ100 በላይ እስከ 160 ከሆነ የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል።

የማገናኛው ዓምድም ያው ነው። «ታይፕ ሲ» ይልና ያበቃል። ታይፕ ሲ የቀዳዳው ቅርጽ ስም እንጂ የፍጥነት ስም አይደለም። አንዱ ታይፕ ሲ በሴኮንድ 480 ሜጋቢት ያስተላልፋል፣ ሌላው 10 ጊጋቢት፤ ከሃያ እጥፍ በላይ ይለያያሉ። አንዱ ስክሪን ያገናኛል፣ ሌላው ቻርጅ ከማድረግ አያልፍም። ቅርጹ፣ የዳታ ፍጥነቱና የሚቀበለው ዋት በየራሳቸው ዓምድ ይቀመጡ። ኬብል ከሆነም ስንት ዋት እንደሚችል ይጻፍ፤ 60 ዋት የሚችለውና 240 የሚችለው ጫፋቸው አንድ ነው።

አንዲት ትንሽ ነገር ልጨምር። ሰንጠረዡ ላይ ሰረዝ ብቻ ያለባቸው ቦታዎች አሉ። ዕቃው ያ ነገር የለውም ማለት ነው ወይስ አምራቹ አልነገራችሁም? የመጀመሪያው ከሆነ «የለውም»፣ ሁለተኛው ከሆነ «አልተገለጸም» ብላችሁ ጻፉልን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ሸማች