ደብዳቤ ለልጄ፦ ስህተት የሌለበት ወረቀት

ቱሉ ዲምቱ፣ ሐምሌ 9

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን አለህልኝ? እኛ ደህና ነን፤ ዝናቡ ብቻ አላስወጣ አላስገባ ብሎናል። በቴሌግራም የላክልኝን የሁለቱን ተማሪዎች ወረቀት ትናንት ማታ አነበብኩት። ፎቶ ስታነሳ አውራ ጣትህ የሦስተኛውን ገጽ ጥግ ሸፍኖታል፣ ቢሆንም የጎደለኝ ነገር የለም።

ስለ አንደኛው ልጅ ወረቀት በስልክ «እማዬ፣ ስህተት ፈልጌ አጣሁበት፤ ከየት ላይ ልቀንስ?» ስትለኝ ዝም ያልኩት መልሱ ጠፍቶኝ አይደለም። እኔም ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት በዚሁ ጥያቄ እየተብሰለሰልኩ አድሬ ስለማውቅ ነው። ያን ጊዜ እንዲህ ላለው ወረቀት 28 ሰጥቼ ነበር። አንተም ከ30 27 ሰጥተኸዋል። እኔ አሁን 18 እሰጠዋለሁ። በእልህ እንዳልሆነ እንድታይ አንድ በአንድ ላስረዳህ።

መጀመሪያ ጥያቄህን ተመልከት። «የፈላስፋውን የፒተር ሲንገርን ክርክር አቅርቡ፤ ከዚያም ገምግሙ» ይላል። «አቅርቡ» ብለህ አቁመህ ቢሆን ኖሮ 27ቱን አልነካብህም ነበር፤ ያልተጠየቀውን አልሠራህም ብሎ ተማሪን መቅጣት ግፍ ነው። ለማቅረቡ 12፣ ለግምገማው 12፣ ለአደረጃጀቱና ለቋንቋው 6 ነጥብ መድበህ ለተማሪዎቹ አስቀድመህ ሰጥተሃል። ይህን ካደረግህ በኋላ እርማት ላይ ሠንጠረዡን ረሳኸው።

ለምን እንደረሳኸውም ይገባኛል። ሥራውን ራሱ «ማረም» ነው የምንለው። ማረም ደግሞ አረም መንቀል ነው። ቀይ እስክሪብቶህን ይዘህ መስመር ለመስመር ትሄዳለህ፣ አረም ስታገኝ ትነቅላለህ፣ ካላገኘህ ታልፋለህ። የዚህ ልጅ ማሳ ንጹሕ ነው። ግማሹ ላይ ግን ምንም አልተዘራበትም፣ ያልተዘራ ደግሞ በእስክሪብቶ የሚከበብ ነገር የለውም። ዓይንህ አለፈው።

ልጁ ያቀረበው ግሩም ነው፣ እሱን አልክድም። ሲንገር ጽሑፉን የጻፈው በምሥራቅ ቤንጋል ሰው በረሃብና በመጠለያ እጦት ይሞት በነበረበት ጊዜ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1971 መሆኑን ጠቅሷል። ጥልቀት በሌለው ኩሬ ውስጥ እየሰመጠ ያለውን ሕፃን አምጥቷል፤ ልብሴ ይጨቀያል ብሎ የሚያልፍ ሰው ጥፋተኛ መሆኑን ሁላችንም እንደምንቀበል፣ ከዚያም የተቸገረው ሰው ሩቅ መሆኑ ለውጥ እንደማያመጣ አስረድቷል። ከሁሉ በላይ ብዙ ተማሪ የሚያደባልቀውን ለይቶታል፦ ሲንገር ክፉ ነገርን መከላከል ከቻልን ማድረግ አለብን ሲል፣ በጠንካራው አቋሙ «ተመጣጣኝ ክብደት ያለው ሌላ ነገር ሳንሠዋ» ይላል፤ በለዘብተኛው ደግሞ «ሥነ ምግባራዊ ክብደት ያለው ምንም ነገር ሳንሠዋ»። ሁለተኛው ከእኛ የሚጠይቀው ያነሰ ነው። ልጁ ይህን በሁለት ዓረፍተ ነገር አስቀምጦታል፤ አንተን ራስህን ሁለተኛ ዓመት ሳለህ አንድ ሳምንት ፈጅቶብሃል። ስለዚህ ከ12 11። አንዷን የቀነስኩት ረሃብና ሞት ክፉ ነው የሚለውን መነሻ ሲንገር ሳይከራከርበት እንዲሁ እንደሚወስደው ስላልጠቆመ ነው።

ታዲያ አንተ ለግምገማው 10 የሰጠኸው በምን ላይ ነው? ገጽ ሦስት ላይ ይመስለኛል። «ይሁን እንጂ አንድ ተቃውሞ ሊነሳ ይችላል» ብሎ ይጀምራል። ሁሉም ሰው 5 ፓውንድ ቢሰጥ ለችግረኞቹ በቂ ገንዘብ ይገኝ ነበር፤ እኔም ከሌላው የተለየ ሁኔታ ላይ አይደለሁም፤ ስለዚህ ከ5 ፓውንድ በላይ የመስጠት ግዴታ የለብኝም፣ የሚል ነው። ቀጥሎ መልሱን ያስቀምጣል፦ «ሁሉም ቢሰጥ» የሚለው ግምት ነው፣ በእውነቱ ግን ሁሉም እየሰጠ አይደለም፣ ስለዚህ ድምዳሜው አይከተልም። ተቃውሞም አለ፣ መልስም አለ፤ አንተም ደስ ብሎህ ትክክል ምልክት አደረግህበት።

ልጄ፣ ይህ ተቃውሞ የሲንገር የራሱ ነው። መልሱም የራሱ ነው። እዚያው ጽሑፉ ውስጥ አንስቶት እዚያው ይመልሰዋል። ልጁ «ሊነሳ ይችላል» ብሎ ስለጻፈው የራሱ መሰለህ እንጂ ይህም ማቅረብ ነው፣ ነጥቡንም በ11ዱ ውስጥ አግኝቷል። ፈላስፎች አብዛኛውን ጊዜ ተቃዋሚያቸውን ራሳቸው ይዘው ስለሚመጡ ይህ ወጥመድ በየዓመቱ ይገጥምሃል። ከማረምህ በፊት ምንባቡን አንድ ጊዜ ደግመህ አንብበው፤ እኔ ከሃያ ዓመት በላይ አስተምሬም አነበዋለሁ።

እርሳስ ይዤ የማደርገውን ልንገርህ። ተማሪው ራሱ ኃላፊነት በሚወስድበት ዓረፍተ ነገር ጎን፣ ኅዳጉ ላይ፣ ቀጭን ቁም መስመር አሰምራለሁ። ኃላፊነት መውሰድ ስል ሐሳቡ ስህተት ሆኖ ቢገኝ ተጠያቂው ሲንገር ሳይሆን ተማሪው የሚሆንበትን ነው። «በእኔ አስተያየት ሲንገር ሦስት መነሻዎች አሉት» የሚለው አይቆጠርም፣ «በእኔ አስተያየት» ማለቱ ብቻውን ባለቤት አያደርገውም። በዚህ ልጅ አራት ገጽ ላይ ያሰመርኩት አንዲት መስመር ናት፤ መጨረሻው ላይ «ክርክሩ አሳማኝና ለዘመናችንም ጠቃሚ ነው» ባለበት። ምን እንዳሳመነው ግን አልነገረንም። ሁለቱን አቋሞች መለየቱ ራሱ የማመዛዘን ምልክት ስለሆነ ለግምገማው 2 እሰጠዋለሁ። 11፣ 2፣ 5፤ ድምሩ 18።

መቃወም ነበረበት እያልኩህ አይደለም። ከሲንገር ጋር እስከ መጨረሻው መስማማት ይችላል። የሚስማማ ሰው ግን የሲንገርን መልስ ሊያናጋ የሚችለውን ከባድ ሐሳብ ፈልጎ፣ ክርክሩ ያንን እንዴት እንደሚቋቋም ማሳየት አለበት። በር ደግሞ ተከፍቶለት ነበር፣ እዚያው ገጽ ሦስት ላይ።

የኛን ብሎክ የውሃ ፓምፕ ታስታውሰዋለህ። ዘንድሮም ተቃጠለ። ለማስጠገኛ ከየቤቱ 500 ብር መዋጮ ተወሰነ፤ ገንዘብ ያዥ ደግሞ እኔ ነኝ። ከ24 አባወራ 17ቱ ከፈለ። ሰባቱ «ነገ»፣ «ከነገ ወዲያ» እያሉ ነው። እሑድ ደረጃው ላይ ተሰብስበን አንዱ «የቀረውን የከፈልነው እናሟላ» ቢል አራተኛ ፎቅ ያሉት ጋሼ ተነሱ። «እኔ ድርሻዬን ከፍያለሁ። ሰነፉ ባልከፈለ ቁጥር የከፈለው ዕዳው የሚያድግበት ይህ ምን ዓይነት ፍርድ ነው?» አሉ። በላ ልበልሃ ያለበት ችሎት መሰለኝ።

ልብ በል፣ የጋሼ ንግግር በ5 ፓውንዱ መልስ አይወድቅም። ሁሉም ከፍሏል አላሉም፤ እንዳልከፈለ አሳምረው ያውቃሉ። የሚሉት ሌላው ባለመክፈሉ የእኔ ግዴታ መጨመሩ ፍትሐዊ አይደለም ነው። ልጁ ይህን በሦስት ዓረፍተ ነገር ቢጽፍ ኖሮ 5 ነጥብ እሰጠው ነበር። ከዚያ ወደ ሲንገር ወገን ዞሮ ይመልስ። ከሠፈራችን ጀርባ ያለው የድንጋይ ካባ በክረምት ውሃ ሞልቶ ይተኛል። ሁለት ሕፃናት ገቡበት እንበል፣ ዳር ላይ ሁለት ሰዎች አለን፣ አንዱ ጥሎ ሄደ። አንዱን ሕፃን አወጣሁ። «ድርሻዬን ተወጥቻለሁ» ብዬ ሁለተኛውን ማየት እችላለሁ? አልችልም። እንዲህ ቢል ሌላ 4። የቀረው 3 ጋሼን ከሕፃኑ ጋር አጋጥሞ ለሚፈርድ ነው፤ ለምሳሌ ጥሎ የሄደው ሰው ላይ ቅሬታዬ እውነተኛ ቢሆንም ቅሬታዬን የምወጣው በእሱ ላይ እንጂ በሕፃኑ ላይ አይደለም ብሎ። ወይም በተቃራኒው፣ የኩሬው ነገር አንድ ጊዜ ሆኖ ያልቃል፣ ረሃብ ግን ማለቂያ የለውም፣ ስለዚህ ምሳሌው አይመጥንም ብሎ። የትኛውንም ይበል፣ ምክንያቱን ካሳየ 3ቱን ውሰድ እለዋለሁ። «ሰው በተግባር እንዲህ አይሰጥም» ብቻ ብሎ ቢያቆም ግን አልሰጠውም፤ ክርክሩ ስለሚገባን እንጂ ስለምናደርገው አይደለም።

አሁን ወደ ሁለተኛዋ ልጅ እንምጣ፣ ያስቆጣኝ የእሷ ነውና። 16 ነው የሰጠሃት። «ሲንገር ያለንን ሁሉ እንድንሰጥ ያዛል» ብላለች፣ ይህ ስህተት ነው፣ ሁለቱን አቋሞችም አልለየችም። ለማቅረቡ 7 ይበቃታል። ገጽ ሁለት መጨረሻ ላይ ግን ምን አለች? «አምስት ወንድማማች ሆነን እናታችንን ብንጦር፣ አራቱ ቢተዉ የእነሱን ዕዳ እኔ ለምን እሸከማለሁ?» የጋሼ ክርክር ነው! ቀጥላም «ሲንገር እናትሽ እኮ እየተራበች ነው ይለኝ ይሆናል» ብላ ጀምራ ሳትጨርሰው ተወችው። አንተ ከጎኑ «ከርዕስ ወጥቷል» ብለህ ጻፍክበት። እኔ ስድስት ቁም መስመር አሰመርኩ። 7፣ 7፣ 5፤ ድምሩ 19።

በቅነሳ ስታርም የሚሆነው ይኸው ነው። ደፍራ የራሷን የሞከረች ልጅ በሞከረች ቁጥር ትሳሳታለች፣ በተሳሳተች ቁጥር ትቀንስባታለህ፤ ምንም ያልሞከረው ሳይነካ ያልፋል። በሚቀጥለው ሴሚስተር እሷም ትማርና ዝም ትላለች። ልጆቻችን መከራከር አያውቁም ሲባል አልቀበልም። ታክሲ ውስጥ ለ5 ብር መልስ ተቃውሞና አጸፋ ሲደረድሩ በየቀኑ እሰማቸዋለሁ።

ለልጁ ውጤቱን ስትመልስ ተቃውሞውን ራስህ ጽፈህ አትስጠው፣ ገልብጦ ያመጣልሃል። «ትንተና ይጎድላል» ብለህም አትተወው፣ ከዚያ ምንም አያገኝም። ከ5 ፓውንዱ ጎን አንድ ጥያቄ ብቻ ጻፍለት፦ «መዋጮ ያልከፈለውን ሰው ድርሻ የከፈለው ቢሸፍን ፍትሕ ነው? ሲንገር ለአንተ ምን ይመልስልህ ነበር?» በል። ልጅቷንም አስጠርተህ ያቺን ያልጨረሰቻትን ዓረፍተ ነገር በቃል አስጨርሳት። የቀሩትን ወረቀቶችም ከ25 በላይ የሰጠሃቸውን ለይተህ እርሳስ ይዘህ እያቸው፤ ውጤት ከማስገባትህ በፊት ጊዜ አለህ።

የፓምፑን ነገር ብትጠይቀኝ፣ የጎደለውን 3,500 ብር እኔው ሞላሁት። ክርክሩ አሳምኖኝ እንዳይመስልህ፤ አራት ቀን ውሃ ሳይኖር ልብስ ተከምሮብኝ ነው። ጋሼ ሲሰሙ «የሰነፍ መድኃኒት ሆንሽ» ብለው እስካሁን ኩርፊያ ላይ ናቸው።

እናትህ