የቦንቦሊኖውን ዘይት ሳሙና ለማድረግ ሚዛንና ድስት ጎድሎናል

ጎረቤቶች፣ በተለይም ከሰፈራችን ወጥታችሁ ሌላ ቦታ ወይም ውጭ አገር ያላችሁ፣ ይህ የድጋፍ ጥሪ ነው። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የምንኖር ጥቂት ሴቶችና ወጣቶች ምግብ የተጠበሰበትን ዘይት ሰብስበን የልብስ ሳሙና እንሠራለን። እስካሁን በየጓዳችን፣ በተውሶ ዕቃ ነበር። አሁን ከብሎካችን አጠገብ አንዲት ክፍል አግኝተናል። የጎደለን ዕቃው ነው። «ለበጎ ሥራ ነውና እርዱን» ብሎ እጅ መዘርጋት ስለማልወድ፣ እያንዳንዱ ዕቃ ለምን እንደሚያስፈልግ ልንገራችሁ።

ዘይቱ ከየት እንደሚመጣ ታውቃላችሁ። ማታ ማታ ታክሲ መያዣው ጋ ቺፕስ፣ ሳምቡሳና ቦንቦሊኖ ይጠበሳል። ዘይቱ ሲጠቁርና ማጨስ ሲጀምር ቦይ ውስጥ ይደፋል። የየቤታችን ደግሞ በዕቃ ማጠቢያው ይወርዳል። በተለይ የሚረጋው ዘይት ቧንቧ ውስጥ ሲቀዘቅዝ ግድግዳው ላይ ይጋገራል፤ ከዚያ ፍሳሹ ግራውንድ ላይ ባሉት ቤቶች በኩል ገንፍሎ ይወጣል። ግራውንድ የሚኖር ሰው ማስረጃ አይጠይቀኝም። ቦንቦሊኖ የሚጠብሱ አንዲት እናት ዘይቱን እንዲሰጡን ስንጠይቃቸው «ውሰዱልኝ እንጂ የኔ ልጅ፣ መድፊያውም ቸግሮኛል» ነው ያሉን። በነፃ ግን አንወስድም፤ ለሚሰጡን ዘይት በሳሙና እንከፍላለን።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ዘይቱን ለብ አድርገን በአቡጀዲ እናጠልለዋለን። ከዚያ ጨው ከተጨመረበት ውሃ ጋር በቀስታ አፍልተን እናሳድረዋለን። ጠዋት ውሃው፣ የዱቄቱ ፍርፋሪና ጨው ከሥር ይቀራሉ፤ ዘይቱ ከላይ ይንሳፈፋል። ቀለሙ ይፈካል፣ ሽታውም ይቀንሳል። ዓሣ የተጠበሰበት ዘይት ግን ምንም ብታደርጉት ሽታውን አይለቅም፤ እሱን ለብቻው እናስቀምጠዋለን። ከጋራዥ የሚወጣው የሞተር ዘይት ደግሞ ከናካቴው ሳሙና አይሆንም። እባካችሁ እሱን እንዳታመጡልን፤ አንድ ብርጭቆ ከተቀላቀለ ሙሉ ጀሪካን ያበላሻል።

አሁን ወደ ሚዛኑ ልምጣ፤ ዋናው ነገር እሱ ነው። ለ10 ኪሎ የተጣራ ዘይት 1 ኪሎ ከ300 ግራም ኮስቲክ ሶዳና 3 ሊትር ውሃ እንጠቀማለን። የዘይቱን መጠን በሊትር መገመት አይቻልም፤ አንድ ሊትር ዘይት አንድ ኪሎ አይሞላም፣ ወደ 920 ግራም ነው። ሶዳው በ200 ግራም ከበለጠ ሳሙናው እጅ ይልጣል። በ200 ግራም ካነሰ ደግሞ ቅባቱ ሳይለወጥ ይቀራል፤ ሳሙናው ይለሰልሳል፣ ልብስ ላይም የዘይት ሽታ ይተዋል። ሶዳው ራሱ ክዳኑ ተከፍቶ ከቆየ እርጥበት ይስባል። ያኔ የመዘናችሁት ከፊሉ ውሃ ነው ማለት ነው። የሽንኩርት ነጋዴ ሚዛን ይህን ሥራ አይችለውም። ግራም የሚለይ፣ እስከ 15 ኪሎ የሚመዝን ዲጂታል ሚዛን እንፈልጋለን።

ቀጥሎ ድስት። ሰርግ ቤት የምናውቀው ትልልቅ ድስት አብዛኛው አሉሚኒየም ነው። ኮስቲክ ሶዳ አሉሚኒየምን ይበላዋል፤ እየበላው የሚወጣው ጋዝ ደግሞ እሳት ሲያገኝ ይቀጣጠላል። ስለዚህ የማይዝግ ብረት ድስት ያስፈልገናል፤ 30 ሊትር የሚይዝ ቢሆን ጥሩ ነው። ሶዳውን የምናሟሟው ደጅ፣ ነፋስ ባለበት፣ ሙቀት በሚችል ወፍራም ፕላስቲክ ባልዲ ነው። ሁልጊዜ ሶዳው ወደ ውሃው ይጨመራል እንጂ ውሃ ሶዳው ላይ አይደፋም። በተቃራኒው ከሆነ ፈልቶ ፊት ላይ ይረጫል። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ቢጨመርም እንኳ ባልዲው በእጅ እስከማይያዝ ድረስ ይግላል፤ ለብ እስኪል እንጠብቃለን። የእስክርቢቶ ጫፍ የምታህል ጠብታ እንኳ ዓይን ልታጠፋ ትችላለች። ስለዚህ ዓይንን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን መነጽርና እስከ ክርን የሚደርስ የጎማ ጓንት ለስድስት ሰው እንፈልጋለን። ይህን ሳናሟላ አዲስ ሰው ወደ ክፍሏ አናስገባም። ልጆች ደግሞ ቢሟላም አይገቡም።

ከዚያ ሶዳው በቀስታ ዘይቱ ላይ ይፈስሳል፤ ይማሰላል። በእንጨት ማማሰያ አንድ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። የእጅ ብሌንደር ካለ ደቂቃዎች ይበቁታል። ድብልቁ ወፍሮ፣ ከማማሰያው የወደቀው ጠብታ ላዩ ላይ መስመር ሠርቶ ሲቀር ወደ ሳጥኑ ይገለበጣል። በማግስቱ ወይም በሁለተኛው ቀን እንቆርጠዋለን። ከ10 ኪሎ ዘይት 50 ያህል ሳሙና ይወጣል፤ እያንዳንዱ ሲቆረጥ ወደ 280 ግራም ነው፣ ደርቆ ሩብ ኪሎ ገደማ ይሆናል።

ሰው የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው። የተቆረጠው ሳሙና ቢያንስ አራት ሳምንት መደርደሪያ ላይ መቆየት አለበት፤ በክረምት ስድስት። ሳይደርቅ የተሸጠ ሳሙና ውሃ ሲነካው ያልቃል፤ ደንበኛውም ተመልሶ አይመጣም። ስለዚህ ነፋስ የሚያሳልፍ የእንጨት መደርደሪያ ያስፈልገናል፤ ከኮንስትራክሽን የተረፈ ጣውላ ያላችሁ አስቡን። ከየሳጥኑም አንድ ሳሙና የሶዳውን ኃይል በቁጥር በሚያሳይ የፒኤች ወረቀት እንፈትሻለን። 9 ወይም 10 ካሳየ ደህና ነው። 11ን ካለፈ አይሸጥም። ሲቆረጥ ውስጡ ጠብታ ያቋጠረ ከሆነም ሶዳው አልተዋሃደም፤ ቀልጦ ዘይት ተጨምሮበት እንደገና ይሠራል። ላዩ ላይ ብቻ የሚታየው ስስ ነጭ አቧራ ግን ችግር የለውም፤ ይጠረጋል።

ለፊትና ለሕፃን ገላ አንሸጠውም፤ የልብስና የዕቃ ሳሙና ነው። የጉድጓድ ውሃ ባለበት ሰፈር አረፋው ያንሳል፤ ይህንንም ለገዢው ፊት ለፊት እንናገራለን። ለጊዜው እዚሁ ሰፈር ከሱቅ ዋጋ ዝቅ አድርገን እየሸጥን ነው። ወደ ሌላ ገበያ ከመውጣታችን በፊት ንግድ ፈቃድ ማውጣትና ናሙናውን ላብራቶሪ ማስመርመር አለብን። በጥሬ ገንዘብ የምንጠይቀው ለዚህና ለመጀመሪያው ኮስቲክ ሶዳ ብቻ ነው። የሶዳው ዋጋ ስለሚለዋወጥ እዚህ አልጻፍኩትም፤ የተገዛበት ደረሰኝ ክፍሏ በር ላይ ይለጠፋል። ከሽያጩ መጀመሪያ የሚቀጥለው ሶዳ ዋጋ ይነሳል፤ የቀረው ለሠሩት ይከፋፈላል።

ገንዘቡን የሚይዙልን የዕድራችን ገንዘብ ያዥ ናቸው። ማንኛችንም በግል ሒሳባችን አንቀበልም፤ በግል ላኩልኝ የሚላችሁ ሰው ካለ እኛ አይደለንም። ዕቃ መስጠት የምትፈልጉ ያገለገለም ቢሆን እንቀበላለን። ጓንትና መነጽር ግን አዲስ ይሁን።

ምንም መስጠት ባትችሉ ዘይታችሁን አምጡ። መጀመሪያ በደንብ ይቀዝቅዝ፤ ትኩሱን ሃይላንድ ውስጥ ከጨመራችሁት ፕላስቲኩ ይቀልጥና እግራችሁ ላይ ይፈሳል። ውሃና ወጥ አትቀላቅሉበት። ቅዳሜ ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ክፍሏ ክፍት ነች። ባዶ ጀሪካን ያላችሁም ለቆራሌው ከመስጠታችሁ በፊት ብቅ በሉ፤ ክዳን ያለው ከሆነ እንፈልገዋለን።