«ከኒኬል ነፃ» ተብሎ ስለተሸጠልን ጉትቻና ሐብል የቀረበ ቅሬታ

የካቲት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.
ጎንደር

ለጌጣጌጥ መደብሩ ሥራ አስኪያጅ
ፒያሳ

ጥር 6 ቀን ከ14 ዓመት ልጄ ጋር ወደ መደብራችሁ መጥተን ለጥምቀት የምታደርገውን ጉትቻና የአንገት ሐብል በ3,800 ብር ገዝተናል። ደረሰኙ በእጄ ይገኛል። ገንዘቡን ከመክፈሌ በፊት ልጄ ከሁለት ዓመት በፊት ከቅዳሜ ገበያ የተገዛ ጉትቻ አድርጋ ጆሮዋ ቆስሎ እንደነበርና ኒኬል እንደማይስማማት ለሻጯ ነግሬያታለሁ። እሷም የማሸጊያውን ካርቶን አዙራ «የብር ጌጥ 925፣ ወርቅ ቅብ፣ ከኒኬል ነፃ» የሚለውን ጽሑፍ አሳየችኝና «ይሄ ለማንም ቆዳ ይሆናል» አለችኝ። አጠገቡ ከነበረው ተመሳሳይ ጌጥ እጥፍ የሚጠጋ ዋጋ የከፈልኩት በዚህ ጽሑፍ ምክንያት ነው።

ልጄ ጌጡን ያደረገችው ጥር 10፣ በከተራ ከሰዓት ነው። ታቦታቱን ተከትላ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ወረደች፤ በማግስቱም ቀኑን ሙሉ በፀሐይ ስትዘምርና ስትጨፍር ዋለች። ላብ እንዳላባት መናገር አያስፈልግም። ጥር 12 ጠዋት ጆሮዋን እያከከች ነቃች። ማታ ላይ ሁለቱም ጆሮዎቿ ከቀዳዳው ዙሪያ ቀልተው አበጡ፤ በሦስተኛው ቀን ውኃ የሚመስል ፈሳሽ እያወጡ ቅርፊት ያዙ። ማጅራቷ ላይ ደግሞ የሐብሉ መቆለፊያ በሚያርፍበት ቦታ የጣት ጫፍ የምታህል ቀይ ሽፍታ ወጣች። የሚገርመኝ ሐብሉ በሙሉ ዞሮ በነካው አንገቷ ላይ ምንም አልነበረም፤ ሽፍታው መቆለፊያው ሥር ብቻ ነበር።

ስደውልላችሁ የተሰጠኝ መልስ «እናቴ፣ ቀዳዳው ቆሽሾ ይሆናል፤ አልኮል ይቀቡላት» የሚል ነበር። በዚህ መልስ አዝኛለሁ። አልኮል የቆሰለ ቆዳን ይበልጥ ያደርቀዋል፣ ይለበልበዋልም። ቀዳዳው መርቅዞ ቢሆን ኖሮ ከማሳከክ ይልቅ ያማት፣ ይሞቃት፣ መግልም ይይዝ ነበር፤ ብዙ ጊዜም በአንድ ጆሮ ይብሳል። የእሷ ግን ሁለቱም ጆሮ እኩል፣ ዋናው ስሜቱ ማሳከክ፣ ከዚያም ማጅራቷ ጭምር ነው። የማጅራት ቆዳ ደግሞ ያልተበሳ ስለሆነ ስለ ቆሻሻ ቀዳዳ ማውራት አይቻልም። የቆዳ ሐኪሟም ወዲያው የጠየቀቻት «እምብርትሽ ሥር፣ የጂንስ ሱሪሽ ቁልፍ በሚነካሽ ቦታ ያሳክክሻል?» ብላ ነው። ልጄ «አዎ» አለች። ሐኪሟ ጌጡ እንዲወልቅ አዝዛ የሚቀባ ቅባት ሰጠቻት፤ ቁስሉ በአሥር ቀን ገደማ ደረቀ።

አንድ ነገር በቅንነት ላስረዳ። አለርጂውን የፈጠረው የእናንተ ጌጥ ነው አልልም። ሰውነት ኒኬልን መጀመሪያ ጠላት አድርጎ የሚለምደው ቀስ ብሎ ነው፤ ያንን ያደረገው ምናልባት የቅዳሜ ገበያው ጉትቻ ነው። አንዴ ከለመደ በኋላ ግን ዕድሜ ልክ ይቆያል፤ እንደገና ኒኬል በነካው ቁጥር ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይነሳል። ወደ እናንተ የመጣነውም ለዚሁ ነው።

የባለቤቴ ወንድም የኬሚስትሪ አስተማሪ ነው። ለኒኬል መመርመሪያ የሚሆን ዳይሜቲልግላይኦክሲም የሚባል ፈሳሽ ከአሞኒያ ጋር በጥጥ ጫፍ ላይ ጠብ አድርጎ፣ እያንዳንዱን የጌጡን ክፍል ለአንድ ደቂቃ ያህል በፊታችን አሸው። ኒኬል ከጌጡ ላይ የሚወጣ ከሆነ ጥጡ ሮዝ ይሆናል። በመጀመሪያ የልጄን የሱሪ ቁልፍ አሸ፤ ጥጡ ሮዝ ሆነ፤ ፈሳሹ እንደሚሠራ በዚህ አወቅን። የጉትቻውን ፊት አሸ፤ ነጭ ሆኖ ቀረ። የሐብሉን ሰንሰለት አሸ፤ እሱም ነጭ። ጆሮ ውስጥ የሚገባውን ሽቦ ሲያሸው ግን ጥጡ ሮዝ ሆነ፤ የሐብሉ መቆለፊያ ላይ ደግሞ እንደ ቀይ ሥር ውኃ ደመቀ። ልጄ የቆሰለችበት ቦታና ጥጡ የቀላበት ቦታ አንድ ነው።

ስለዚህ 925 የሚለው ማኅተም የተመታበት ፊቱ ብር ሊሆን ይችላል፤ ችግሩ ሽቦውና መቆለፊያው ነው። ሽቦና መቆለፊያ ጠንካራ መሆን ስላለባቸው ከሌላ ብረት ተሠርተው ይበየዳሉ፤ ወይም ወርቁ ከመቀባቱ በፊት በኒኬል ይለበጣሉ። ወርቅ ቅቡ ስስ ነው። በላብና በመነካካት መጀመሪያ የሚፋቀው ሽቦውና መቆለፊያው ላይ ነው፤ ላብ ውስጥ ያለው ጨው ደግሞ ከሥሩ ያለውን ኒኬል እያሟሟ ወደ ቆዳ ያወጣዋል። 925 የሚለው ቁጥር ከሺህ 925ቱ እጅ ብር መሆኑን ብቻ ይናገራል። ስለ ቀሪው 75 እጅ ምንም አይናገርም፤ ስለ ሽቦውማ ጭራሽ።

ይህን ይበልጥ የገለጠልኝ የእናቴ ሎቲ ነው። እዚሁ ጎንደር ውስጥ አንጥረኛ በማርትሬዛ ብር የሠራላት ነው። የማርትሬዛ ብር ንጥርነቱ 83 ከመቶ ገደማ ስለሆነ በቁጥር ከ925 ያንሳል፤ የቀረው ግን መዳብ ነው፤ ጆሮ ውስጥ የሚገባው ጫፍም ከዚያው ብር ተቀጥቅጦ የወጣ ነው። እሱንም አሸነው፤ ጥጡ ነጭ ሆኖ ቀረ። ልጄ አሁን የምታደርገው እሱን ነው፤ እስከ ዛሬ አላሳከካትም።

በምትኩ «ስቲል» የሆነ ጉትቻ ልትሰጡን ማሰባችሁን አመሰግናለሁ፤ ግን አልቀበለውም። ለቀዶ ሕክምና ይሆናል የሚባለው ስቲል ራሱ ከመቶ አሥር እጅና ከዚያ በላይ ኒኬል አለው። ኒኬሉ በብረቱ ውስጥ ተይዞ ስለሚቆይ ብዙ ሰው ይችለዋል፤ ቀዳዳዋ ገና ለዳነላት ኒኬል ለማይስማማት ልጅ ግን እኔ አልሞክረውም። ከእናቴ ሎቲ ሌላ ያለ ሥጋት የማደርግላት ታይታኒየምን ነው።

የምጠይቃችሁ እነሆ። ገንዘቤ ይመለስልኝ፤ ጌጡን ከነካርቶኑ አመጣለሁ። በመደርደሪያችሁ ላይ የቀረውን ያንኑ ዓይነት ጌጥ፣ ሽቦውና መቆለፊያው ካልተመረመረ በስተቀር «ከኒኬል ነፃ» ብላችሁ አትሽጡ። የመመርመሪያው ፈሳሽ ውድ አይደለም፤ አንዷ ትንሽ ጠርሙስ ለብዙ ጌጥ ትበቃለች። ሆኖም ጥጡ ነጭ ሆኖ ቢቀር ቅቡ እስኪፋቅ ብቻ ሊሆን ስለሚችል፣ ወርቅ ቅብ ለሆነ ጌጥ ነጭ ጥጥ ብቻውን ማስረጃ አይሁናችሁ። አቅራቢያችሁን ሽቦው ከምን እንደተሠራ በጽሑፍ ጠይቁት። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ተበስቶ ከሚገባ ጌጥ የሚወጣው ኒኬል በሳምንት በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር ከ0.2 ማይክሮግራም ማነስ አለበት፤ ዕቃው ከዚያ የሚመጣ ከሆነ ይህን የሚያሳይ የምርመራ ወረቀት እንዳለው ጠይቁ። አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል።

ሻጯን አልወቅሳትም፤ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ነው ያነበበችልኝ። ቅሬታዬ ካርቶኑን ሳያረጋግጥ መደርደሪያ ላይ ባስቀመጠው አካል ላይ ነው። መልሳችሁን እስከ የካቲት 15 በጽሑፍ እጠብቃለሁ፤ ገንዘቡን ለመቀበልና ምርመራውን እዚያው በፊታችሁ ለማሳየት ከአማቼ ጋር ልመጣ ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር
ደንበኛችሁ፣ የልጅቷ እናት